ሩት መኖሩን በመካከለኛ ዋጋ ቲዎረም ማሳየት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ክፍል ውስጥ ኢንተርሚዲየት ቫልዩ ቲዎረም ስለሚባለው፣ በተለይም «ይህ እኩልዮሽ በዚህ ኢንተርቫል ውስጥ ሩት እንዳለው አሳዩ» ስለሚለው ጥያቄ ተማሪዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው።

ቲዎረሙ ባጭሩ ምን ይላል?

f የሚባል ፋንክሽን በዝግ ኢንተርቫል [a, b] ላይ ኮንቲኒየስ ነው እንበል። ኮንቲኒየስ ማለት ያልተቆራረጠ፣ መዝለልም ሆነ ቀዳዳ የሌለው ማለት ነው። እንዲህ ያለ ፋንክሽን ከ f(a) ተነስቶ f(b) እስኪደርስ ድረስ በመካከላቸው ያለውን እያንዳንዱን ቁጥር ቢያንስ አንድ ጊዜ ይነካል። አንዱንም ዘሎ ማለፍ አይችልም።

ሩት ስንፈልግ የምንጠብቀው ቁጥር 0 ነው። f(a) ኔጋቲቭ፣ f(b) ፖዘቲቭ ከሆነ (ወይም በተቃራኒው) 0 በሁለቱ መካከል ይገኛል። ስለዚህ f(c) = 0 የሚሆንበት c የሚባል ቁጥር በ a እና በ b መካከል የግድ አለ። ከወንዙ ወዲህ ያየነው ሰው ቆይቶ ማዶ ከታየ፣ እየበረረ ካልሄደ በቀር ወንዙን አቋርጧል። «እየበረረ ካልሄደ» የምትለዋ ኮንቲኒየስ መሆንን ትተካለች።

ቲዎረሙ የማይነግረንም አለ። ሩቱ የት እንደሆነ አይናገርም፤ ስንት ሩት እንዳለም አይናገርም። «ቢያንስ አንድ አለ» ብሎ እዚያው ያቆማል።

እኩልዮሹን ፈትቶ መልሱን ማሳየት አይቀልም ወይ?

መፍታት ከተቻለ ይቀላል፤ ፍቱት። ችግሩ ብዙዎቹ እኩልዮሾች አይፈቱም። ለምሳሌ x⁵ = x + 1 የምትለዋን እንይ። ስታዩዋት የዋህ ትመስላለች። ግን ሩቷን በመደመር፣ በመቀነስ፣ በማባዛት፣ በማካፈልና ሩት በማውጣት ብቻ መጻፍ አይቻልም። ሰው ስላልሞከረ አይደለም፤ እንደማይቻል ተረጋግጧል። cos x = x የምትለዋንም x ን ለብቻው አውጥተን የምንጽፍበት የተለመደ ቀመር የለም።

እንዲህ ባለ ጊዜ መጀመሪያ ማድረግ የሚቻለው ሩቱ መኖሩን ማረጋገጥ ነው። ከዚያ በኋላ ወደ ቁጥሩ እየተጠጉ መሄድ ነው።

በሁለቱም በኩል x ካለ f ብዬ የምወስደው የትኛውን ነው?

ሁሉንም ወደ አንድ ጎን አምጡና በሌላኛው በኩል 0 ብቻ አስቀሩ። cos x = x ከሆነ f(x) = cos x − x ትላላችሁ። x − cos x ብትሉም ያው ነው፤ ምልክቶቹ ይገለበጣሉ እንጂ ሩቱ ቦታውን አይለቅም። ዋናው ነገር f ምን እንደሆነ በጽሑፍ ማስፈር ነው። ብዙ ሰው ይህን መስመር ይዘለውና «f(0) = 1» እያለ ይቀጥላል፤ f ማን እንደሆነ ግን አንባቢው አያውቅም።

ታህት ላይ x ካለ ደግሞ ቆም በሉ። 1/x = x² − 3 የሚለውን f(x) = x² − 3 − 1/x ብላችሁ ብትወስዱት ስህተት የለውም፤ ግን x = 0 ላይ ይቆረጣል። በ x አባዝታችሁ g(x) = x³ − 3x − 1 ብትወስዱ መቆረጡ ይጠፋል፤ ፖሊኖሚያል ሆነ። x = 0 የ g ሩት ስላልሆነም (g(0) = −1 ነው) ማባዛቱ አዲስ ሩት አልጨመረም። ይህችን ማየት ግን አትርሱ።

ሙሉ መልስ በወረቀት ላይ ሲጻፍ ምን ይመስላል?

ጥያቄው «x⁵ = x + 1 በ 1 እና በ 2 መካከል ሩት እንዳለው አሳዩ» ነው እንበል። መልሱ ይህን ያህል ነው፦

> f(x) = x⁵ − x − 1 ይሁን። f ፖሊኖሚያል ስለሆነ በሁሉም ቦታ፣ ስለዚህም በ [1, 2] ላይ ኮንቲኒየስ ነው።
>
> f(1) = 1 − 1 − 1 = −1 < 0
>
> f(2) = 32 − 2 − 1 = 29 > 0
>
> 0 በ f(1) እና በ f(2) መካከል ነው። ስለዚህ በመካከለኛ ዋጋ ቲዎረም መሠረት f(c) = 0 የሚሆንበት c በ (1, 2) ውስጥ አለ። f(c) = 0 ማለት c⁵ = c + 1 ማለት ስለሆነ c የተጠየቀው ሩት ነው።

አለቀ። ሁለቱን ቁጥሮች ማስላት ቀላሉ ክፍል ነው፤ ማንም አይስተውም። ማርክ የሚቆረጠው ከላይና ከታች ባሉት ዓረፍተ ነገሮች ላይ ነው። «f(1) < 0፣ f(2) > 0፣ ስለዚህ ሩት አለ» ብሎ የሚያቆም መልስ ያለ ኮንቲኒየስነት ምንም አላረጋገጠም። በመጨረሻም f(c) = 0 ከሚለው ወደ መጀመሪያው እኩልዮሽ መመለስ አለ። የተጠየቃችሁት ስለ x⁵ = x + 1 ነው፤ f ን ያመጣችኋት እናንተ ናችሁ።

«ኮንቲኒየስ ነው» ማለት ብቻ ይበቃል? ምክንያትም መጻፍ አለብኝ?

አንድ አጭር ምክንያት ጻፉ። ፖሊኖሚያል፣ sin x፣ cos x እና eˣ በሁሉም ቦታ ኮንቲኒየስ ናቸው። ln x ከ 0 በላይ ባሉ ቁጥሮች ላይ፣ √x ደግሞ ከ 0 ጀምሮ ኮንቲኒየስ ነው። እነዚህን ስትደምሩ፣ ስትቀንሱ፣ ስታባዙ ወይም አንዱን በሌላው ውስጥ ስታስገቡ ሁሉም ትርጉም እስካላቸው ድረስ ውጤቱ ኮንቲኒየስ ይሆናል። ስታካፍሉ ግን ታህቱ 0 የማይሆን መሆኑን አረጋግጡ። «የሁለት ኮንቲኒየስ ፋንክሽኖች ልዩነት ስለሆነ» የምትል ሐረግ አብዛኛውን ጊዜ ትበቃለች።

ይህን የምንልበት ምክንያት አለን። f(x) = tan x ን በ [1, 2] ላይ እዩት። በራዲያን tan 1 ወደ 1.56፣ tan 2 ደግሞ ወደ −2.19 ገደማ ነው። ምልክቱ ተቀይሯል። ግን tan x = 0 የሚሆነው x የ π ብዜት ሲሆን ብቻ ነው፤ በ 1 እና በ 2 መካከል ደግሞ የ π ብዜት የለም። ታዲያ ምልክቱ የተቀየረው እንዴት ነው? መሃል ላይ π/2 አለ፤ 1.57 ገደማ መሆኑ ነው። እዚያ ላይ tan ወደ ላይ ሽቅብ ጠፍቶ በሌላኛው በኩል ከታች ብቅ ይላል። 0 ን አልነካም፤ ዘሎታል።

እንዲህ ያለውን ወጥመድ ለመያዝ አንድ ነገር ፈትሹ፦ በኢንተርቫሉ ውስጥ ታህቱን 0 የሚያደርግ ወይም ሎጋሪዝምን ትርጉም የሚያሳጣ ነጥብ አለ? ካለ ቲዎረሙን በዚያ ኢንተርቫል ላይ መጠቀም አይቻልም። ይህ ማለት ሩት የለም ማለት አይደለም፤ ሌላ ኢንተርቫል ወይም ሌላ መንገድ ፈልጉ ማለት ነው።

እንደ cos 1 ያለ ቁጥር ሲገባበት፣ ካልኩሌተር ከሌለኝ ዋጋው ኔጋቲቭ ይሁን ፖዘቲቭ እንዴት እወስናለሁ?

የሚያስፈልጋችሁ ምልክቱ ነው እንጂ ቁጥሩ አይደለም። f(x) = cos x − x ን በ [0, 1] ላይ እንውሰድ። f(0) = 1 − 0 = 1፣ ፖዘቲቭ ነው። f(1) = cos 1 − 1 ነው። 1 ራዲያን ከ 0 ይበልጣል፣ ከ π/2 ያንሳል። በዚያ መካከል cos ከ 1 በታች ስለሆነ cos 1 − 1 < 0 ነው። በቃ። 0.5403 የሚለውን ማወቅ አያስፈልግም፤ እንዲያውም ያለ ካልኩሌተር የተሰራው መልስ ይበልጥ ንጹህ ነው።

ካልኩሌተር ካላችሁ ደግሞ በራዲያን ላይ መሆኑን እዩ። በዲግሪ ላይ ከተተወ cos 1 = 0.99985 ብሎ ይሰጣችኋል። እዚህ ጥያቄ ላይ ምልክቱ እንደ አጋጣሚ አይቀየርም፤ ስለዚህ ስህተቱ ሳይታይ ያልፋል። ቀጣዩ ጥያቄ ላይ ግን ጉድ ያፈላል።

ሁለቱም ጫፎች አንድ ዓይነት ምልክት ካላቸው ሩት የለም ማለት ነው?

አይደለም። ቲዎረሙ ዝም አለ ማለት ብቻ ነው። f(x) = x³ − 3x + 1 ን በ [0, 2] ላይ እዩ። f(0) = 1፣ f(2) = 3፤ ሁለቱም ፖዘቲቭ። ነገር ግን መሃሉን ብትሞክሩ f(1) = −1 ነው። ስለዚህ በ 0 እና በ 1 መካከል አንድ ሩት፣ በ 1 እና በ 2 መካከል ሌላ ሩት አለ። ግራፉ ወርዶ ተመልሶ ወጥቷል፤ ጫፎቹን ብቻ ያየ ሰው ሁለቱንም አያያቸውም። ጫፎቹ እንቢ ሲሉ ኢንተርቫሉን መክፈል የመጀመሪያው ሙከራ መሆን አለበት።

መክፈልም የማያዋጣበት ጊዜ አለ። (x − 1)² = 0 ሩት አለው፤ x = 1 ነው። ግን ግራፉ መስመሩን ነክቶ ይመለሳል እንጂ አይሻገርም። የትኛውንም ሁለት ነጥብ ብትወስዱ ኔጋቲቭ ዋጋ አታገኙም። እንዲህ ያለውን ሩት በምልክት ለውጥ መያዝ አይቻልም፤ በሌላ መንገድ፣ ለምሳሌ በመዘርዘር ወይም ዝቅተኛውን ነጥብ በዴሪቬቲቭ በመፈለግ ነው የሚገኘው።

ጥያቄው የሰጠኝ ኢንተርቫል ክፍት ከሆነ ወይም ጫፉ ላይ f ትርጉም ከሌለውስ?

«ln x + x = 0 በ (0, 1) ውስጥ ሩት እንዳለው አሳዩ» ይባላል። ብዙ ሰው f(0) ን ለማስላት ይሞክራል፤ ln 0 የለም። ቲዎረሙ ዝግ ኢንተርቫል ይፈልጋል። መፍትሔው ውስጥ ገባ ብሎ ትንሽ ዝግ ኢንተርቫል መምረጥ ነው። x = 1/e ን ውሰዱ፤ ln ን ስለምታቃልል ነው የመረጥናት። f(1/e) = −1 + 1/e ነው። 1/e ከ 1 ስለሚያንስ ይህ ኔጋቲቭ ነው። f(1) = 0 + 1 = 1፣ ፖዘቲቭ። f በ [1/e, 1] ላይ ኮንቲኒየስ ነው። ሩቱ በ (1/e, 1) ውስጥ ነው፤ እሱ ደግሞ በ (0, 1) ውስጥ ነው።

ኢንተርቫል ጭራሽ ካልተሰጠስ? 0፣ 1፣ −1፣ 2 እያላችሁ ቀላል ቁጥሮችን ሞክሩና ምልክት የሚቀየርበትን ፈልጉ። ዲግሪው ጎዶሎ የሆነ (3፣ 5፣ 7…) ፖሊኖሚያል ከሆነ ፍለጋው ከንቱ አይሆንም። በአንድ በኩል ሩቅ ስትሄዱ ፖዘቲቭ፣ በሌላው በኩል ሩቅ ስትሄዱ ኔጋቲቭ መሆኑ አይቀርም።

«አንድ ሩት ብቻ እንዳለው አሳዩ» ሲባል ምን ልጨምር?

ሁለት ሥራ አለባችሁ፤ መኖሩን በመካከለኛ ዋጋ ቲዎረም፣ ብቸኛ መሆኑን በሌላ ነገር። የተለመደው ዴሪቬቲቭ ነው። f(x) = x⁵ − x − 1 ከሆነ f′(x) = 5x⁴ − 1 ነው። x ከ 1 ጀምሮ ሲሆን 5x⁴ ቢያንስ 5 ስለሆነ f′(x) ቢያንስ 4 ነው፤ ፖዘቲቭ። ስለዚህ f በ [1, 2] ላይ ያለማቋረጥ ይጨምራል። ያለማቋረጥ የሚጨምር ፋንክሽን አንድን ዋጋ ሁለት ጊዜ ሊነካ አይችልም። ሩቱ አንድ ብቻ ነው።

«በ [1, 2] ላይ» የምትለዋን አትጣሉ። ይኸው f′ በ x = 0 ላይ −1 ነው። «f ሁልጊዜ ይጨምራል» ብላችሁ ብትጽፉ ውሸት ነው።

«ሩቱ በሁለት ዴሲማል 1.17 መሆኑን አሳዩ» ቢባል 1.16 እና 1.18 ን ልሞክር?

ይህች ጥያቄ ብዙ ሰው ታሰናክላለች። አሁንም f(x) = x⁵ − x − 1 ነው። f(1.16) ወደ −0.060፣ f(1.18) ወደ 0.108 ገደማ ነው። ምልክቱ ተቀይሯል። ግን ይህ የሚያሳየው ሩቱ በ 1.16 እና በ 1.18 መካከል መሆኑን ብቻ ነው። 1.162 ቢሆንስ? እሱ ሲጠጋጋ 1.16 ነው የሚሆነው።

መሞከር ያለባችሁ ተጠጋግተው 1.17 የሚሆኑ ቁጥሮች የሚጀምሩበትንና የሚያበቁበትን ነው፦ 1.165 እና 1.175። f(1.165) ወደ −0.019፣ f(1.175) ወደ 0.065 ይሆናል። ኔጋቲቭና ፖዘቲቭ። f ኮንቲኒየስ ነው፤ ስለዚህ በ 1.165 እና በ 1.175 መካከል ሩት አለ። በዚያ መካከል ያለ ማንኛውም ቁጥር ሲጠጋጋ 1.17 ይሆናል። እዚህ ላይ ስሌቱን ቶሎ አታጠጋጉ። ዋጋው ለ 0 ቅርብ ስለሆነ መሃል ላይ የተጠጋጋ ቁጥር ምልክቱን ሊገለብጠው ይችላል።

የ f ቀመር ካልተሰጠኝስ? «f ከ [0, 1] ወደ [0, 1] የሚሄድ ኮንቲኒየስ ፋንክሽን ነው፤ f(c) = c የሚሆንበት c መኖሩን አሳዩ» ይላል።

የምታሰሉት ነገር የለም፤ ደንብ ግን ያው ነው። f(x) = x ን ወደ አንድ ጎን አምጡና g(x) = f(x) − x በሉ። g የሁለት ኮንቲኒየስ ፋንክሽኖች ልዩነት ስለሆነ ኮንቲኒየስ ነው። የ f ዋጋዎች ሁሉ በ 0 እና በ 1 መካከል ናቸው። ስለዚህ g(0) = f(0) − 0 ከ 0 አያንስም። g(1) = f(1) − 1 ደግሞ ከ 0 አይበልጥም።

አስተውሉ፤ «ይበልጣል» ሳይሆን «አያንስም» ነው ያልነው። ጫፉ ራሱ 0 ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ለይታችሁ ጻፉ፦ g(0) = 0 ከሆነ c = 0 ን ውሰዱ፤ g(1) = 0 ከሆነ c = 1 ን ውሰዱ። ሁለቱም ካልሆነ g(0) > 0 እና g(1) < 0 ነው፤ ያኔ ቲዎረሙ በ (0, 1) ውስጥ c ን ይሰጣችኋል። የጫፎቹን ነገር የዘለለ መልስ ጎደሎ ነው። f(x) = x² ን ብትወስዱ f(c) = c የሚሆነው በሁለቱ ጫፎች ላይ ብቻ ነው፤ መሃል ላይ ምንም የለም።

ነገሩ ግልጽ አይደለም እንዴ? ከታች ወደ ላይ የሄደ መስመር 0 ን ማቋረጡን ማረጋገጥ ለምን አስፈለገ?

በዓይን ሲታይ ግልጽ ነው። ግን ግልጽ የመሰለን ቁጥሮቹ ራሳቸው ቀዳዳ እንደሌላቸው አድርገን ስለምናስብ ነው። እስቲ ራሽናል ቁጥሮችን ብቻ፣ ማለትም በሙሉ ቁጥሮች ክፍልፋይ የሚጻፉትን ብቻ፣ እናውቃለን እንበል። f(x) = x² − 2 ን ውሰዱ። f(1) = −1፣ f(2) = 2። ፋንክሽኑ በእነዚህ ቁጥሮች ላይም ኮንቲኒየስ ነው፤ የሚዘልበት ነጥብ የለም። ሩት ግን የለውም፤ ምክንያቱም √2 ራሽናል አይደለም። መስመሩ ልክ በቀዳዳው በኩል ሾልኮ አለፈ።

ስለዚህ ቲዎረሙ ከፋንክሽኑ ኮንቲኒየስነት በተጨማሪ በሪል ቁጥሮች ሙሉነት ላይ ይቆማል። በርናርድ ቦልዛኖ በ1817 እ.ኤ.አ. ይህን ነገር ከሥዕል ነጻ በሆነ መንገድ ለማረጋገጥ የተነሳው ለዚህ ነው፤ ኮሺም በ1821 ተከትሎታል። እናንተ ፈተና ላይ ይህን ሁሉ አትጽፉም፤ ቲዎረሙን በስሙ መጥራት ይበቃል። ግን «ግራፉ እንደሚያሳየው» ብላችሁ ብቻ ከጻፋችሁ፣ √2 ን እንዳላለፋችሁት ወረቀቱ ላይ የሚያሳይ ነገር የለም።